ሜሹ ምን ያህል ይድቀቅ?

ከግድግዳ ወደ ውጭ አንድ ሜትር የወጣ የብረት ቢም እንውሰድ። ከፍታው 100 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር ነው። አንዱ ጫፍ ግድግዳው ውስጥ ጥብቅ ብሎ ተይዟል። በነፃው ጫፍ ላይ ደግሞ 10 ኪሎኒውተን፣ ማለትም አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን ዕቃ ተንጠልጥሏል። መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ቢም ካንቲሊቨር ይሉታል፤ ከሕንፃ ወደ ውጭ የወጡ በረንዳዎችን የሚሸከሙት ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያሉ ናቸው። ስለ እሱ ሁለት ነገር ማወቅ እንፈልጋለን። ጫፉ ስንት ሚሊሜትር ወደ ታች ይወርዳል? በብረቱ ውስጥ የሚፈጠረው ውጥረትስ ስንት ይደርሳል?

ለዚህ ኮምፒውተር አያስፈልግም፤ ቢሙን የመረጥኩትም ለዚሁ ነው። መልሱን አስቀድመን ስለምናውቅ ኮምፒውተሩን ልንፈትንበት እንችላለን። የእጅ ስሌቱ ሦስት መስመር ብቻ ነው።

```
I = bh³/12 = 50 × 100³ / 12 = 4,166,667 mm⁴
δ = PL³/3EI = 10,000 × 1000³ / (3 × 200,000 × 4,166,667) = 4.0 mm
σ = Mc/I = 10,000,000 × 50 / 4,166,667 = 120 MPa
```

የመጀመሪያው መስመር የቢሙ ቅርጽ መጉበጥን ምን ያህል እንደሚቋቋም ይለካል። ከፍታው ሦስት ጊዜ በራሱ ስለሚባዛ፣ ቢሙን በስፋቱ አጋድሞ ማስቀመጥና በከፍታው አቁሞ ማስቀመጥ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ሁለተኛው መስመር ጫፉ 4 ሚሊሜትር እንደሚወርድ ይነግረናል፤ 200,000 የሚለው ቁጥር የብረት ግትርነት ነው። ሦስተኛው መስመር ደግሞ ትልቁ ውጥረት ግድግዳው ዘንድ፣ በቢሙ የላይኛውና የታችኛው ፊት ላይ 120 ሜጋፓስካል መሆኑን ያሳያል። ላይኛው ፊት ይሳባል፣ ታችኛው ይጨመቃል።

አንድ ትንሽ ጭማሪ አለች። ቢሙ ከመጉበጥ ሌላ በሺር፣ ማለትም ንብርብሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ለመንሸራተት በመሞከራቸው፣ ጥቂት ይወርዳል። ለዚህ ቢም ያ 0.03 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ የምንጠብቀው ትክክለኛ ቁጥር 4.03 ነው። ይህችን ቁጥር ሶፍትዌሩን ከመክፈት በፊት ወረቀት ላይ ማስፈር ይበጃል። ውጤቱን አይቶ ከዚያ ወደ ኋላ የሚያሰላ ሰው፣ ሳያውቀው ስሌቱን ወደ ውጤቱ ይጎትተዋል።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ እንሂድ። ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው ዘዴ አንድን አካል ኤለመንት ወደሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ይከፋፍላል። ኤለመንቶቹ የሚገናኙባቸው ነጥቦች ኖድ ይባላሉ፤ ጠቅላላው መረብ ደግሞ ሜሽ ነው። ዘዴው በ1950ዎቹ ለአውሮፕላን ክንፍ ስሌት ተስፋፋ፤ ስያሜውን በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጣለት በካሊፎርኒያ በርክሌይ ያስተምር የነበረው ሬይ ክላፍ ነው። ኮምፒውተሩ በቀጥታ የሚያሰላው ኖዶቹ ስንት እንደተንቀሳቀሱ ብቻ ነው። በኖዶች መካከል ያለውን ቦታ ኤለመንቱ ሲሠራ በተሰጠው ቀላል ቅርጽ ይሞላዋል። የሜሽ ጥያቄ በሙሉ የሚመነጨው ከዚህች መሙላት ነው።

ቢሙን ሞዴል ለማድረግ ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው በመስመር ነው። ቢሙ አንድ መስመር ይሆናል፣ ስፋትና ከፍታው በቁጥር ብቻ ይገባል። ለሕንፃ ስሌት ኢታብስን ወይም ሳፕ 2000ን የሚጠቀም መሐንዲስ ቢምና ኮለንን የሚያስገባው በዚህ መንገድ ነው። የመስመር ኤለመንት የተሠራው ከዚያው ከእጅ ስሌቱ ቲዎሪ ስለሆነ የእኛን ቢም በአንድ ኤለመንት ብቻ ቢሰጡት 4.0 ሚሊሜትር ብሎ በትክክል ይመልሳል። መቶ ቦታ ቢቆራርጡትም መልሱ ያው ነው፤ ድካሙ ትርፍ የለውም።

ይህ ማለት ግን በመስመር ሞዴል ስለ ሜሽ ማሰብ የለብንም ማለት አይደለም። በሁለት ጫፉ ላይ ብቻ የተቀመጠና ሙሉ ርዝመቱ ላይ እኩል የተበተነ ጭነት የተሸከመ ቢም በአንድ ኤለመንት ቢሠራ፣ ሁለቱ ጫፎች ምን ያህል እንደዞሩ በትክክል ይወጣል፤ መሐሉ ግን ይሳሳታል። ኖድ የሌለበትን መሐል ኤለመንቱ በራሱ ኩርባ ሲሞላው የሚሰጠው ከእውነተኛው ዝቅታ 80 በመቶውን ብቻ ነው። መሐል ላይ አንድ ኖድ ሲጨመር በዚያ ኖድ ላይ ያለው ስህተት ይጠፋል። ብዙዎቹ የሕንፃ ሶፍትዌሮች ይህን ከጀርባ ራሳቸው ስለሚያስተካክሉ ተጠቃሚው ላያየው ይችላል። ሁሉም ግን ያስተካክላሉ ብሎ መተማመን አይገባም፤ ማወቅ ከተፈለገ ቢሙን አንዴ ሳይቆርጡ፣ አንዴ ለሁለት ቆርጠው ማስላትና ማወዳደር ይበቃል።

ሁለተኛው መንገድ ቢሙን እንደ አካል መሥራት ነው። ከጎኑ ሲታይ 1000 በ100 ሚሊሜትር የሆነው ፊት በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሞላል። ቀዳዳ ወይም ብየዳ ያለበት፣ ቅርጹ ወጣ ገባ የሆነ ዕቃ ሲመጣ ከዚህ ሌላ አማራጭ የለም። ጣጣውም የሚጀምረው እዚህ ነው።

በጣም የተለመደውን ኤለመንት እንውሰድ፤ በአራት ማዕዘኖቹ ላይ አራት ኖድ ያለው ነው። ቢሙን በርዝመቱ አሥር ቦታ ከፍለን ከፍታውን ሳንከፍል ብንተወው አሥር ካሬ ኤለመንቶች ይኖሩናል። ስዕሉ ሲታይ ደንበኛ ቢም ይመስላል፣ ሶፍትዌሩም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። መልሱ ግን 2.7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ቢሙ ከእውነተኛው ዝቅታ ሲሶው ጠፍቶበታል፤ ከብረትም በላይ የገተረ ሆኗል ማለት ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። እውነተኛ ቢም ሲጎብጥ ላይኛውና ታችኛው ፊት ቀስት ይሠራሉ። አራት ኖድ ያለው ኤለመንት ግን ጎኑን ማጉበጥ አይችልም፤ በሁለት ኖዶች መካከል ያለው ጠርዝ ምንጊዜም ቀጥ ያለ መስመር ነው። መጉበጥ ሲገደድ የላይኛውን ጎን አስረዝሞ የታችኛውን አሳጥሮ ትራፔዝ ይሆናል። ትራፔዝ ሲሆን ማዕዘኖቹ ከ90 ዲግሪ ይወጣሉ፤ ማዕዘን መዛባት ደግሞ ሺር ነው። በእውነተኛው ቢም ውስጥ የሌለ ሺር ኤለመንቱ ውስጥ ተፈጠረ፤ ከጭነቱ ሥራ ከፊሉን ይህ ሐሰተኛ ሺር በላው። መሐንዲሶች ሺር ሎኪንግ ይሉታል።

መድኃኒቱ ከፍታውን መከፋፈል ነው። ከፍታው ላይ ሁለት ኤለመንት ሲደረደር (በርዝመቱም ካሬ እንዲሆኑ ሃያ ሲደረግ) መልሱ ወደ 3.60 ይወጣል። በአራት ኤለመንት 3.91 ይሆናል፣ በስምንት ደግሞ 4.00። ስህተቱን ከ4.03 ቀንሰን እንየው፤ መጀመሪያ 1.3፣ ከዚያ 0.43፣ ከዚያ 0.12፣ ከዚያ 0.03። የኤለመንቱ መጠን በግማሽ ባነሰ ቁጥር ስህተቱ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ የዚህ ዓይነት ኤለመንት ጠባይ ነው።

ይህን ጠባይ ያወቀ ሰው እጁ ላይ ትልቅ መሣሪያ አለው። መልሱ የማይታወቅ ዕቃ ቢሰጠው እንኳ፣ በአንድ ሜሽ አስልቶ፣ ከዚያ ሜሹን በግማሽ አድቅቆ ደግሞ አስልቶ፣ የሁለቱን ልዩነት ሦስተኛ እጅ በደቃቁ ሜሽ መልስ ላይ ይጨምራል። ከ3.91 እና ከ4.00 ብንነሳ ልዩነቱ 0.09፣ ሦስተኛ እጁ 0.03፣ ድምሩ 4.03። ኮምፒውተሩ ገና ያልደረሰበት ቁጥር ላይ በእርሳስ ደረስን። አንዳንዶች «ሜሹን አድቅቄ ልዩነቱ ከ5 በመቶ በታች ሲሆን አቆማለሁ» ይላሉ። መጥፎ ልማድ አይደለም፤ ነገር ግን በሁለት ተከታታይ ሜሾች መካከል ያለው ልዩነትና ከእውነት የቀረው ርቀት አንድ እንዳልሆኑ መርሳት የለበትም።

ማድቀቅም ዋጋ አለው። ከጎን በሚታየው በዚህ ሞዴል አሥሩ ኤለመንት መጀመሪያ 40፣ ከዚያ 160፣ ከዚያ 640 ሆኗል። ስፋቱንም የያዘ ሙሉ አካል ቢሆን እያንዳንዱ ማድቀቅ የኤለመንቱን ብዛት በስምንት ያባዛዋል። በእኔ አስተያየት ጀማሪ መሐንዲሶች ሜሽ በማድቀቅ ከሚያጠፉት ጊዜ አብዛኛውን የኤለመንት ዓይነት በመቀየር ማዳን ይቻላል። በየጎኑ መሐል አንድ ተጨማሪ ኖድ ያለው፣ በጠቅላላው ስምንት ኖድ የያዘ ኤለመንት አለ። ጎኑ መጉበጥ ስለሚችል ሐሰተኛው ሺር አይፈጠርም። የእኛ ቢም ከፍታው ላይ አንድ ረድፍ ብቻ የዚህ ኤለመንት ቢደረግለት 4.03 አጠገብ ይደርሳል። በተቃራኒው ደግሞ ባለ ሦስት ማዕዘኑ ቀላል ኤለመንት ከባለ አራቱም ይብሳል፤ በውስጡ ያለው ውጥረት ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ብቻ ስለሆነ ለመጉበጥ አይሆንም። አንዳንድ ሶፍትዌር ወጣ ገባ ቅርጽ ሲያይ በራሱ ውሳኔ ሦስት ማዕዘን ያስገባል። ከማስላት በፊት ሜሹን አጉልቶ ማየት ያስፈልጋል።

ከእጅ ስሌት ጋር ማመሳከር ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሪአክሽኑን ነው፤ ማለትም ግድግዳው ቢሙን የያዘበትን ኃይል። 10 ኪሎኒውተን ጫንን፣ ግድግዳውም 10 ኪሎኒውተን ወደ ላይና 10 ኪሎኒውተን ሜትር ሞመንት መመለስ አለበት። 10.39 ቢመጣ ሶፍትዌሩ የብረቱን የራሱን ክብደት፣ 39 ኪሎግራም ገደማ፣ ሳንነግረው ጨምሮታል ማለት ነው። 10,000 ኪሎኒውተን ቢመጣ አንድ ቦታ ላይ ኒውተንና ኪሎኒውተን ተቀላቅለዋል። ምርመራው ጠቃሚ ነው፣ አንድ ደቂቃም አይፈጅም። ነገር ግን ስለ ሜሹ ምንም አይነግረንም። 2.7 ሚሊሜትር ያለው ያ ሰነፍ ሞዴል እንኳ ሪአክሽኑን በትክክል 10 ይላል። የኖዶቹ ኃይሎች ሚዛን በማንኛውም ሜሽ ይጠበቃልና። «ሪአክሽኑ ገጥሟል፣ ስለዚህ ሞዴሉ ትክክል ነው» የሚለው አባባል በየቢሮው የሚሰማውም ለዚህ ነው፤ ሪአክሽን ሁልጊዜም ይገጥማል። ሜሹን የሚፈትነው የጫፉ ዝቅታ ነው።

ውጥረት ደግሞ ከዝቅታ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። በአንድ ረድፍ የተሠራው ሞዴል ውጥረቱን በኤለመንቱ መሐል ካነበብነው ዜሮ ይሰጠናል። የኤለመንቱ መሐል የቢሙም መሐል ነው፤ እዚያ ደግሞ ብረቱ አይሳብም፣ አይጨመቅም። 120 ሜጋፓስካል የምንፈልገው ፊቱ ላይ ነበር። ስለዚህ ሶፍትዌሩ የሚያሳየው ባለ ቀለም ስዕል ቁጥሩን ከኤለመንቱ የት ላይ እንዳነበበ፣ በጎረቤት ኤለመንቶች መካከልም አማካይ እንደወሰደ ወይም እንዳልወሰደ መጠየቅ አለበት። አማካይ መውሰድ ስዕሉን ያሳምረዋል። አማካዩ ሲጠፋ በጎረቤታሞች መካከል ቀለሙ በድንገት የሚዘል ከሆነ ሜሹ እዚያ ቦታ ላይ ገና ሻካራ ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ ይብሳል። ግድግዳው ዘንድ ያሉትን ኖዶች በሙሉ በየትኛውም አቅጣጫ እንዳይንቀሳቀሱ ብናስራቸው፣ በላይኛውና በታችኛው ማዕዘን ያለው ውጥረት ሜሹ በደቀቀ ቁጥር ይጨምራል። 120ን ያልፋል፣ ከዚያም ማደጉን አያቆምም። ምክንያቱ ሒሳቡ ራሱ ነው። ብረት ሲሳብ ወደ ጎን መቅጠን ይፈልጋል፤ ፍጹም ግትር የሆነው ግድግዳ ይከለክለዋል፤ በሹሉ ማዕዘን ላይ ሒሳቡ የሚሰጠው ውጥረት መጨረሻ የለውም። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ «ውጤቱ እስኪረጋ ላድቅቅ» የሚል ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲያደቅቅ ይኖራል። ጭነት በአንዲት ኖድ ላይ ብቻ ሲጫንና ወደ ውስጥ የገባ ሹል ማዕዘን ሲኖርም ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ ውጥረት የሚመሳከረው ከግድግዳው ቢያንስ የቢሙን ከፍታ ያህል ርቆ ነው፤ ጫፍ ላይ ያለው የአያያዝ ዝርዝር ተጽዕኖው እዚያ ሲደርስ ይከስማል። የእኛ ቢም ከፍታ 100 ሚሊሜትር ስለሆነ ከግድግዳው 100 ሚሊሜትር ላይ እንቆማለን። እዚያ ሞመንቱ 10 ሳይሆን 9 ኪሎኒውተን ሜትር ነው፤ ውጥረቱም 108 ሜጋፓስካል። ሞዴሉ እዚህ ነጥብ ላይ 108 አካባቢ ካለና ሲደቅም ካልተንቀሳቀሰ፣ ማዕዘኑ ላይ የሚጮኸውን ቀይ ቀለም ይዞ መደንገጥ አያስፈልግም። ማዕዘኑ ራሱ የሚያሳስብ ከሆነ፣ ለምሳሌ ብየዳ ካለበትና ጭነቱ የሚመላለስ ከሆነ፣ እውነተኛውን ዙሪያ አስገብቶ ለብቻው መመርመር ይገባል።

ሻካራ ሜሽ ምን እንደሚያስከትል የሚያሳይ፣ በመሐንዲሶች ዘንድ ደጋግሞ የሚነሳ አደጋ አለ። ነሐሴ 23 ቀን 1991 እ.ኤ.አ. በኖርዌይ ስታቫንገር አጠገብ፣ ጋንድስፊዮርድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ፣ ስላይፕነር ኤ የተባለው የነዳጅና የጋዝ መድረክ የኮንክሪት መሠረት እየተፈተነ ሳለ ሰጠመ። ሰው አልሞተም፤ ኪሳራው ግን ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። መሠረቱ 24 ክብ ጉድጓዶች ተጣብቀው የተሠሩ ሲሆን፣ ሦስቱ ክቦች በሚገናኙበት ቦታ ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍተት ይፈጠራል፤ ባሕሩ በዚያ ገብቶ ግድግዳዎቹን ይገፋል። የተደረገው ምርመራ እንዳሳየው፣ በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ የተሠራው የፋይናይት ኤለመንት ሜሽ ሻካራ ስለነበር የሺር ኃይሉ በ47 በመቶ አንሶ ተሰልቷል። ኮንክሪቱም በዚያው ልክ ቀጠነ። በዚህ ላይ ብረቱ የቆመበት አኳኋንም የሚያጠግብ አልነበረም። ከአደጋው በኋላ በተሻለ ሞዴል ሲሰላ ግድግዳው በ62 ሜትር የውኃ ግፊት እንደሚሰበር ታወቀ። የተሰበረው በ65 ሜትር ነበር።

ይህ ግድግዳ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት ጫፉ ተይዞ እኩል የተበተነ ግፊት የሚገፋው ቢም ነው። 65 ሜትር ውኃ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 65 ቶን ገደማ ይገፋል። ያንን በግድግዳው ርዝመት አባዝቶ ለሁለት ማካፈል በየጫፉ የሚያርፈውን ሺር ይሰጣል። ግድግዳው ከወፍራሙ ኮንክሪት ጋር ምንም ያህል ጥብቅ ቢያያዝ ያ ግማሽ አይለወጥም፤ ግፊቱ ከሁለቱ ጫፎች ሌላ የሚሄድበት የለውምና። በደብዳቤ ፖስታ ጀርባ ላይ የሚያልቅ ስሌት ነው። ጠቅላላ ሚዛኑ ያልተዛባ ሞዴል በአንድ ግድግዳ ውስጥ ግማሽ ያህሉን ሺር ሊያጣ የቻለው፣ ቁጥሩ የተነበበው በጥቂት ኤለመንቶች ውስጥ ካለው ውጥረት ተገምቶ ስለነበር ነው። የእጅ ስሌት ቦታውን ሲመርጥ መላውን ሕንፃ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለችውን አንዲት ቁራጭም ነጥሎ ማየት የሚኖርበት ለዚህ ነው።

የእጅ ስሌቱም ቢሆን ከስህተት ነፃ ዳኛ አይደለም። ሁለቱ ሲጋጩ ጥፋቱ የሞዴሉ ብቻ ነው ብሎ መነሳት ሌላ ወጥመድ ነው። ቢማችንን ከአንድ ሜትር ወደ 200 ሚሊሜትር እናሳጥረው፤ ከፍታው ያው 100 ይሁን። PL³/3EI አሁን 0.032 ሚሊሜትር ይላል። በሺር የሚመጣው ዝቅታ ግን 0.006 ነው፤ ረጅሙ ቢም ላይ ከመቶ አንድ እንኳ ያልሞላው ጭማሪ እዚህ ከመጉበጡ ዝቅታ አንድ አምስተኛ ደርሷል። በደንብ የተሠራ ሞዴል 0.038 አካባቢ ሲሰጥ፣ ቀመሩን ብቻ የያዘ ሰው ሞዴሉን በ20 በመቶ ስህተት ይከሰዋል። ርዝመቱ ከከፍታው አምስት እጥፍ እያነሰ ሲሄድ የሺሩን ዝቅታ በእጅ ስሌቱ ውስጥ ማስገባት ግድ ይሆናል። ከዚያም እያጠረ ከከፍታው እኩል ሲደርስ ውጥረቱ ራሱ ከላይ እስከ ታች በቀጥተኛ መስመር መለዋወጡን ይተዋል፤ Mc/I መነሻው ይፈርሳል፣ ማመሳከሪያውም ሌላ መሆን አለበት።